«ዛሬ» ከሚለው ቃል በኋላ ምን ይጻፋል?

ጥያቄ

ውድ የዓምዱ አዘጋጆች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ደሴ ነው። ዕድሜዬ 26 ሲሆን ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። የዕለት ማስታወሻ መያዝ በጣም እፈልጋለሁ። የሚያምር አጀንዳ ገዝቼ ማታ ማታ እከፍተዋለሁ፤ «ዛሬ» ብዬ እጽፍና እጄ ይቆማል። ባዶው ገጽ ያስፈራኛል ብል አልዋሸሁም። ኑሮዬ ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት ነው፤ ምን የሚጻፍ ነገር አለኝ? ደግሞ ከእናቴና ከታናሽ እህቴ ጋር አንድ ክፍል ነው የምንተኛው፤ ያነቡብኛል ብዬም እሰጋለሁ። ከየት ልጀምር?
— እህታችሁ፣ ከደሴ

መልስ

እህታችን፣ አብሽሪ። የምንመክርሽ ዋና ነገር አንድ ነው፤ ሌላው ሁሉ እሱን ለማስፈጸም የሚረዳ ነው። ስለ ቀኑ መጻፉን ተዪውና ከቀኑ ውስጥ አንዷን ሰዓት ብቻ ጻፊ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። «ዛሬ» ብለሽ ስትጀምሪ ከንጋት እስከ ምሽት የሆነውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ሰብስበሽ እንድታቀርቢ ራስሽን አዘዝሽ ማለት ነው። የሰው ትዝታ ለእንዲህ ያለ ሰፊ ጥያቄ የሚመልሰው የተለመደውን ነው። በአንድ መንገድ የሚመላለስ፣ አንድ ሱቅ የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው አእምሮው ተመሳሳዮቹን ቀናት እየደራረበ የወል የሆነ አንድ ቀን ይሠራል። ማታ «ምን ዋልሽ?» ሲባል የሚያወጣው ያንን የወል ቀን ነው፤ እሱ ደግሞ እውነትም የሚጻፍ ነገር የለውም። የዛሬው ቀን ከተቀመጠበት የሚወጣው መያዣ ሲያገኝ ነው። መያዣውም ሰዓት፣ ቦታ፣ ሰው ወይም ዕቃ ነው። «ከረፋዱ 5 እስከ 6 ሰዓት ባለው ውስጥ ማን ገባ? እጄ ላይ ምን ነበር?» ብለሽ ስትጠይቂ መልሱ ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ይመጣል።

በራስሽ ሥራ እንሞክረው። እንበልና ማክሰኞ ጥቅምት 18 ነው። እንደ ልማዱ ቢሆን ገጹ ላይ የሚወጣው ይህን ይመስላል፦

«ዛሬ ሱቅ ዋልኩ። ገበያው ቀዝቃዛ ነበር። አዲስ ነገር የለም። ትንሽ ደብሮኛል።»

እዚህ ውስጥ ማክሰኞን ከሰኞ የሚለይ አንድም ነገር የለም። ከወር በኋላ ብታነቢው ራስሽም የትኛው ቀን እንደነበር አታውቂውም። አሁን የ5 ሰዓቷን ጊዜ ብቻ እንውሰድ። ማን ገባ? አንዲት እናት። ምን ፈለጉ? ጨርቅ። ስንት አስለኩ? ሦስት ሜትር። ስንት ወሰዱ? አንድ ሜትር ተኩል። በመሀል ምን አሉ? እዚህ ላይ ቃላቸውን ቃል በቃል ለማስታወስ ሞክሪ፤ ራስሽ አሳጥረሽ አትንገሪልን። እንግዲህ ገጹ ይህን ይመስላል፦

«ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18። ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ፣ ሱቅ። 5 ሰዓት ላይ አንዲት እናት ገብተው ከሰማያዊው ጨርቅ ሦስት ሜትር አስለኩኝ። መቀሱን ሳነሳ ‹ቆይማ ልጄ፣ አንድ ተኩል ይበቃኛል፤ ለሁለታችን ነበር› አሉ። ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጥረው ሰጡኝ። ሲወጡ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መንገዱን ሞልቶት ስለነበር ወዲያው ጠፉብኝ። ለሁለት ያሉት ከማን ጋር እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። መጠየቅ ነበረብኝ መሰለኝ።»

ስሜት የሚገልጹ ቃላት ሳይደረደሩ ስሜቱ መምጣቱን ልብ በይ። «ደብሮኛል» የምትለዋ ቃል ወጥታለች፤ በቦታዋ የገባው «መጠየቅ ነበረብኝ መሰለኝ» የሚለው ነው፤ ይኸኛው ደግሞ ስለምን እንደሆነ ይታወቃል። ለዚህ ነው ስሜትሽን በመጀመሪያው መስመር ላይ እንዳትጽፊ የምንመክርሽ። ብዙ ሰው ማስታወሻ ማለት የልብን መዘርገፍ ይመስለውና «ምን ይሰማኛል?» ብሎ ይጀምራል። ያ ጥያቄ ከሁሉም የከበደው ነው፤ መልሱም ብዙ ጊዜ «እኔ እንጃ» ነው። በዓይን የታየውን፣ በጆሮ የተሰማውን፣ በእጅ የተቆጠረውን አስቀድሚ። ከእነዚህ ቀጥሎ የሚመጣ «መሰለኝ» ካለ በመጨረሻው መስመር ላይ ይግባ፤ ከሌለም ገጹ ሙሉ ነው።

ከሦስቱ ውስጥ እጅግ የምትጠቅምሽ የተሰማችው ናት። ሰው የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር በጥቅስ ውስጥ ሲገባ ተናጋሪው ከነሁኔታው ይመጣል፤ «ሴትየዋ ሐሳባቸውን ቀየሩ» ብለሽ ብታሳጥሪው ግን ይጠፋል። ችግሩ ቃል በቃል የተባለው ነገር ቶሎ የሚረሳ መሆኑ ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሐውስ ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች እያጠና መርሳትን በራሱ ላይ ለክቶ ውጤቱን በ1885 እ.ኤ.አ. አሳትሞ ነበር፤ መርሳት የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንደሆነና ከዚያ በኋላ እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። የሰው ንግግር ትርጉም ስላለው እንደነዚያ ድምፆች ፈጥኖ አይጠፋም፤ ሆኖም ፍሬ ነገሩ ቀርቶ ቃሉ ቀድሞ ይሄዳል። ስለዚህ ቀን ላይ ሦስት ወይም አራት ቃል በቁራጭ ወረቀት ላይ ጣል አድርጊ። ከላይ ላየነው ገጽ «አንድ ተኩል፣ ለሁለታችን» የሚለው ብቻ ይበቃ ነበር። ሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አያስፈልግም፤ ደንበኛም እያለ አትጻፊ፤ ከወጡ በኋላ አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ወረቀቷን ኪስሽ ውስጥ ክተቻት፤ ማታ ገጹን ስትከፍቺ ጉዳይ ይዘሽ ትቀርቢያለሽ።

አሁን ወደ ደብተሩ እንምጣ። አጀንዳውን ለሌላ ጉዳይ አውዪው። አጀንዳ በየገጹ ቀን ስለታተመበት ያልጻፍሽበት ቀን ሁሉ ባዶ ሆኖ ይቆጥርብሻል፤ ሦስት ቀን ካመለጠሽ በአራተኛው ሦስት ባዶ ገጽ ገልጠሽ ማለፍ ይኖርብሻል፤ ብዙ ማስታወሻ የሚቋረጠውም እዚያ ላይ ነው። መልኩ ማማሩም ይጎዳሻል፤ ያማረ ወረቀት ያማረ ነገር ይጠይቃልና። ተማሪ የሚይዘው ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዢ። መቶ ገጽ አለው፤ ለቀን ግማሽ ገጽ ከወሰድሽ ወደ 200 ምሽት ያህል ያደርስሻል።

የመጀመሪያውን ገጽ ማስታወሻ አትጻፊበት። የሳምንቱን አስቤዛ ዝርዝር ጻፊበትና እለፊው፤ ደብተሩ አንዴ ከተጀመረ ንጹሕነቱ አያስፈራሽም። ከሁለተኛው ሉክ ጀምሮ በየገጹ ከላይ አሥር መስመር ቆጥረሽ በማስመሪያ ለሁለት ክፈይው። የአንድ ቀን ድርሻ ከመስመሩ በላይ ያለው ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ቀን ከመስመሩ በታች ትጽፊያለሽ። ከፊትሽ ያለው ባዶነት አሥር መስመር ብቻ ሲሆን ዓይንሽ ዳርቻውን ያየዋል። ጽሑፉ ከአሥር መስመር ካለፈ ይለፍ፤ አራት ላይ ካለቀም ይለቅ።

እስክሪብቶ ይሁን፣ እርሳስ አትጠቀሚ። እርሳስ ላጲስን ይጠራል፤ ላጲስ ከያዝሽ ደግሞ የመጀመሪያውን መስመር ስታስተካክይ ጊዜሽ ያልቃል። የማትወጅውን ቃል በአንድ ሰረዝ ሰርዘሽ እለፊ። ገጽ አትቅደጂ፤ የተማሪ ደብተር መሀሉ ላይ በሽቦ የተሰፋ ስለሆነ አንድ ሉክ ስትቀጂ ከወዲያኛው በኩል ያለው ተጓዳኙ ይላላና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሱ ይወድቃል።

ከሁሉም በላይ ግን ይህችን አትርሺ፦ የዕለቱን ጽፈሽ ስትጨርሺ ደብተሩን ከመክደንሽ በፊት የነገውን ቀንና የመጀመሪያ ሁለት ሦስት ቃላት በቦታው ጻፊ። «ረቡዕ፣ ጥቅምት 19። እጄ ላይ የነበረው…» ብለሽ ተዪው። ሌላ ቀን «መጀመሪያ የገባው ሰው…»፣ እሑድ ከሆነ «ቡና ላይ የተባለው…» ሊሆን ይችላል። እንዲህ ካደረግሽ ነገ የምትከፍቺው ገጽ ባዶ አይሆንም፤ የተጀመረ ዓረፍተ ነገር ይጠብቅሻል፤ የተጀመረን መጨረስ ደግሞ ከባዶ ከመጀመር እጅግ ይቀላል። «ዛሬ» የሚለውን ቃል ለመጀመሪያው ወር ሙሉ በሙሉ ተዪው።

ጊዜው ከቤት ይልቅ ሱቅ ቢሆን እንመርጣለን። መዝጊያው ሳይወርድ በፊት ያለችው አሥር ደቂቃ ትመችሻለች፤ ትዝታው አልራቀም፣ ሰውም አይከብሽም። ባለቤቱን አስፈቅጂ፤ አሥር ደቂቃ ስለሆነች የሚከለክልሽ አይመስለንም። ስልክሽ ላይ አሥር ደቂቃ ሙዪ፤ ሲጮህ በዓረፍተ ነገር መሀል ብትሆኚም ያንኑ ጨርሰሽ አቁሚ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥሩ ስለመጣልሽ ግማሽ ሰዓት መጻፍ የሚመስለውን ያህል አይጠቅምም። በሚቀጥለው ቀን ያንኑ ያህል መጻፍ ያለብሽ ይመስልሽና ገና ሳትጀምሪ ይደክምሻል።

እጅሽን የሚይዘው ሌላው ነገር በትምህርት ቤት የተማርነው ድርሰት ነው። መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ፣ ከዚያ የመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ። ያ ቀይ እስክሪብቶ ብዙ ሰው ላይ ካደገም በኋላ አልተወገደም። መፍትሔው ከመጻፍሽ በፊት ዓረፍተ ነገሩን በአፍሽ ማለት ነው። እቤት አቦሉ ተቀድቶ ለእናትሽ ብትነግሪያት እንዴት ትያት ነበር? «ወይ ጉድ፣ አንዲት እናት መጥተው…» ከሆነ ያንኑ ጻፊ። የወሎ ንግግርሽን ወደ መጽሐፍ አማርኛ አትለውጪው፤ «ወላሂ» ካልሽ «ወላሂ» ይጻፍ። በ«ሰ» ነው በ«ሠ»፣ በ«ሀ» ነው በ«ሐ» እያልሽም አትቁሚ። ይህ ማቆሚያ ቀላል ይመስላል፤ ግን በየዓረፍተ ነገሩ ሁለት ጊዜ ካቆምሽ ያልሽው ነገር ከአፍሽ ይጠፋል። የመጣልሽን ፊደል ጻፊ።

ምንም መያዣ ያላገኘሽበት ምሽት ይኖራል፤ ወረቀቷም ጠፍታለች፣ ማንም አልገባም። ለዚያን ጊዜ አሜሪካዊው የጽሑፍ መምህር ፒተር ኤልቦ ያስፋፋው ዘዴ አለ። እጅን ሳያቆሙ፣ ሳያርሙ፣ የመጣውን ሁሉ መጻፍ ነው፤ ምንም ካልመጣ «ምንም አልመጣም» የሚለውን ራሱን ደጋግሞ መጻፍ። ለሦስት ደቂቃ ሞክሪው፤ ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ወይም አራተኛው መስመር ላይ አንድ ተጨባጭ ነገር ብቅ ይላል፤ ያኔ እሱን ይዘሽ ወደ አንዷ ሰዓት ተመለሺ። በየቀኑ ግን አታድርጊው። ለአንቺ ዓይነቱ ጀማሪ በየቀኑ ሲሆን ገጹ በድካምና በምሬት ይሞላል፤ መልሶ ለማንበብም አያጓጓም።

ስለ መነበቡ ያለሽን ስጋት ቀላል ነው አንልም። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰው በሚያድርበት ቤት መደበቂያ መፈለግ ራሱ ሥራ ይሆናል፤ የተደበቀ ነገር ደግሞ ያጓጓል። ለእናትሽና ለእህትሽ በግልጽ ንገሪያቸው፦ «ይቺ የማስታወሻ ደብተሬ ናት፤ እባካችሁ አትክፈቱብኝ።» ከዚያም በቦርሳሽ ይዘሽው ዙሪ። ለመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት የሱቁን ሰዓት ብቻ ከጻፍሽ ቢነበብም የሚያሳፍርሽ አይኖርም፤ እጅሽ እስኪለምድ ያ ይበቃል። የሰዎችን ስም በአንድ ፊደል አድርጊ። ማንም እንዲያየው የማትፈልጊው ነገር ሲመጣ በተለየ ወረቀት ጻፊውና ከጨረስሽ በኋላ ቀዳደሽ ጣይው፤ ደብተሩ ውስጥ ቀኑንና «ሌላ ወረቀት ላይ ጻፍኩ» የሚለውን ብቻ አስቀምጪ። ስጋቱ ጽሑፍሽን መምራት መጀመሩን በአንድ ነገር ታውቂዋለሽ፤ ዓረፍተ ነገሮችሽ ማብራራትና ይቅርታ መጠየቅ ያበዛሉ። «እናቴ ጥሩ ሰው ናት፣ ግን…» ብለሽ ስትጀምሪ ራስሽን ካገኘሽው ያ ገጽ የተጻፈው ለእናትሽ ነው። ወደታየውና ወደተሰማው ተመለሺ።

አንዳንድ ጊዜ ገጹ የሚያስፈራው ባዶ ስለሆነ አይደለም፤ ብንጀምር ምን ይወጣ ይሆን ብለን ስለምንሰጋ ነው። በ2014 በጦርነቱ ውስጥ ያለፈ ሰው ደሴ ውስጥ ብዙ ነው፤ የሞተበትም፣ የተሰደደም አለ። ስለ ከባድ ነገር መጻፍ ራሱን የቻለ መንገድ አለው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔንቤከር ከባልደረባው ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ተማሪዎች ለ15 ደቂቃ፣ ለአራት ተከታታይ ቀናት ብቻ ነበር ስለደረሰባቸው ክፉ ነገር የጻፉት። ወዲያው ከጻፉ በኋላ የበለጠ ነበር ያዘኑት፤ ጥቅሙ የታየው በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ መሄዳቸው ሲቀንስ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለውን በየምሽቱ ከዕለት ማስታወሻሽ ጋር አትቀላቅይው። ሲመጣብሽና መሸከም ሲያቅትሽ እስክሪብቶውን አስቀምጪ፤ የምታምኚው ሰው ዘንድ ሂጂ። ከጻፍሽው በኋላ እንቅልፍ ከነሳሽና ለሁለት ሳምንት ካልተወሽ ሐኪም አማክሪ።

ያመለጠሽን ቀን ለመሙላት ወደ ኋላ አትመለሺ። ሦስት ቀን ቢዘል የአራተኛውን ቀን ጻፊና ቀጥይ። ወደ ኋላ የሚሞላው ያው የወል ቀን ነው የሚሆነው፤ ከትዝታ የሚወጣ የተለየ ነገር አይኖረውም።

የጻፍሽውንም ቶሎ አታንብቢ። በመጀመሪያው ሳምንት የሚነበብ ጽሑፍ ለማንም አይጥምም፤ ገና ትኩስ ስለሆነ ገጹ ላይ ያለውንና በልብሽ ያለውን ለይተሽ ማየት አትችይም። በ30ኛው ቀን ተቀምጠሽ ከመጀመሪያው አንብቢ፤ በእጅሽ እስክሪብቶ ያዢ። ሰውየው፣ ቦታው ወይም ድምፁ ፊትሽ የሚመጣልሽን መስመር ብቻ አስምሪበት። የተሰመረባቸው ብዙዎቹ ጥቅስ ወይም ቁጥር ያለባቸው ይሆናሉ ብለን እንገምታለን፤ «ደከመኝ»፣ «ጥሩ ቀን ነበር» የሚሉት ሳይሰመርባቸው ያልፋሉ። በሁለተኛው ወር ያሰመርሽበትን ዓይነት አብዢ። ያኔ ከፈለግሽ ከሱቁ ሰዓት ወጥተሽ የመንገዱን ወይም የቤቱን ሰዓት መጻፍ ትችያለሽ።

ገበያው የሚበዛበትና ቀና ለማለት ጊዜ የማታገኚበት ቀን ሲሆን አሥሩን መስመር አትጠይቂው። ቀኑን ጻፊ፣ ከኪስሽ ወረቀት ላይ ያሉትን ሦስት ቃላት ገልብጪ፣ የነገውን መጀመሪያ ከሥሩ አስቀምጪና ዝጊ።